የቅርጫ ቪዲዮዬ ወረደ፣ ስትራይክም ተሰጠኝ፦ ይግባኙን እንዴት ልጻፍ?

ማለዳ ማዕድ

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ቻናሌ የሚሠራው በአገር ቤት ምግብ ላይ ነው። ለመስቀል ታናሽ ወንድሜ ጉራጌ አያቶቻችን ዘንድ ሄዶ የቅርጫውን ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀርጾ ላከልኝ። በሬው ሲመጣ፣ ሲታረድ፣ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል፣ ዕጣ ሲወጣ፣ በመጨረሻም ክትፎው ሲከተፍ ያሳያል። ትረካውን በአማርኛ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በለጠፍኩት ማግስት ቪዲዮው ወረደ። የተሰጠው ምክንያት ጭካኔ የሚታይበት ወይም አስደንጋጭ ይዘት የሚል ነው። ቀደም ሲል በሌላ ቪዲዮ ማስጠንቀቂያ ስለነበረብኝ ይኼኛው በቀጥታ ስትራይክ ሆነ። ለአንድ ሳምንት ምንም መለጠፍ አልችልም፤ በቀጠሮ ያስቀመጥኳቸው የቆጮና የአይቤ ቪዲዮዎችም ሳይወጡ ቀሩ። የበዓል ሰሞን ደግሞ ተመልካች የሚበዛበት፣ የማስታወቂያ ገቢዬም ከሌላው ጊዜ የሚሻልበት ነው።

ወንድሜ «ባህላችንን ንቀዋል» ብሎ ሊጽፍላቸው ተነሥቶ ነበር፤ ቆይ አልኩት። ይግባኝ የጻፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍ? ያመለጠኝ ገቢስ ይመለሳል?

ዳዊት ከሻርጃ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ እንደማውቀው ቀላሉ መንገድ ቪዲዮውን ማጥፋት ነው፤ ጥፋቱ ከሌለ ስትራይኩም ይነሣል። እስከዚያው የበዓሉን ቪዲዮዎች በባለቤትሽ ወይም በወንድምሽ ቻናል ላይ ልቀቂያቸው። ይግባኝ ካልሽ ግን በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ በአማርኛ የተጻፈውን የሚያነበው ሰው ላይኖር ይችላል። ተከታዮችሽም በብዛት ይጻፉላቸው፤ ብዙ ሰው ሲጮህ ይሰማሉ።

የድሮ አርታኢ

ማለዳ ማዕድ፣ ከሁሉ በፊት ቪዲዮውን እንዳታጠፊው። ዳዊት ስለ እንግሊዝኛው ያለው ትክክል ነው፤ የቀረው ግን ይጎዳሻል።

መድረኩን በስም አልጠራሽውም፤ ለምክሩም አያስፈልግም። እኔ ጠንቅቄ የማውቀው የዩቲዩብን ደንብ ስለሆነ ቀኖቹን ከእርሱ እወስዳለሁ። ያንቺ ሌላ ከሆነ በራሱ የእርዳታ ገጽ ላይ አመሳክሪያቸው።

በዩቲዩብ ቪዲዮውን ማጥፋት ስትራይኩን አያነሣም። ይግባኝ የምትዪበትን ነገር ግን ያጠፋብሻል፤ ገምጋሚው የሚያየው ቪዲዮ አይኖረውምና። በሌላ ሰው ቻናል መልጠፍም እገዳውን እንደማምለጥ ይቆጠራል፤ ሁለቱንም ቻናሎች ሊያዘጋ ይችላል። የተከታዮች ጩኸት ደግሞ ገምጋሚው ዘንድ አይደርስም። እርሱ ፊት የሚቀርቡት ቪዲዮው፣ ርዕሱ፣ መግለጫው፣ የሽፋን ምስሉና አንቺ የምትጽፊው አጭር ጽሑፍ ናቸው።

የአንድ ሳምንቱ እገዳ በራሱ ጊዜ ያልቃል፤ ይግባኙ ለእርሱ ሲባል ብቻ መቸኮል የለበትም። ዋናው ነገር ስትራይኩ ለ90 ቀን ከቻናሉ ጋር መቆየቱ ነው። በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ሁለተኛ ከመጣ እገዳው ሁለት ሳምንት ይሆናል፤ ሦስተኛ ከመጣ ቻናሉ ይዘጋል። ይግባኝ ማለት የሚቻለው ደግሞ ለአንድ ስትራይክ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በንዴት የተጻፈ ይግባኝ ያለችሽን አንድ ዕድል ይበላዋል።

አሁን የምታደርጊው ይኼ ነው። በኢሜይል የደረሰሽን መልእክት ክፈቺና የተጠቀሰውን የደንብ ክፍል ስም ልብ ብለሽ አንብቢ። ከዚያ የዚያን ክፍል ሙሉ ጽሑፍ አውጪ። ብዙ ሰው የሚከለክለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ ይቆማል፤ ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ልዩ ሁኔታዎቹ የተጻፉበት ቦታ ነው። በዩቲዩብ ደንብ እንስሳትን የሚመለከተው ክፍል የሚከለክለው ከተለመደ ዓላማ ውጭ እንስሳን ሆን ብሎ ማሠቃየትን ነው። የተለመዱ ዓላማዎች ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል አደን፣ የምግብ ዝግጅትና እርድ አሉበት። ደምን የሚመለከተው ደግሞ ተመልካችን ለማስደንገጥ ወይም ለማስጸየፍ ታስቦ የቀረበ ሲሆን ነው የሚለው። ክርክርሽ ያለው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ባህል ተናቀ አልተናቀ የሚለውን ገምጋሚው እንዲወስን ማንም አልጠየቀውም፤ የተጠየቀው ቪዲዮው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን ነው።

እስኪ ዋናውን ፋይል ከፍተሽ እነዚህን ጻፊልን፦ እርዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ደቂቃ፣ ደም በቅርብ የሚታይበት ቦታ፣ ከእርዱ በፊትና በኋላ በትረካሽ ያልሽው ነገር፣ ርዕሱና የሽፋን ምስሉ።

ትርሲት

እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነው! የመዝሙር ቪዲዮዬ ላይ ገቢው ለሌላ ሰው እንዲሄድ ተደረገ። መዝሙሩን የዘመርነው እኛው ነን፤ ዜማው ግን የቆየ ነው። እርዱን ትተሽ ሙዚቃውን ተመልከቺ፤ ምናልባት ከጀርባ ያስገባሽው ሙዚቃ ይሆናል ያስወረደው።

የድሮ አርታኢ

ትርሲት፣ ያንቺ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው፤ የሚሄደው በሌላ በር ነው፤ ውሳኔውን መጀመሪያ የሚሰጠውም መብት አለኝ ያለው ወገን ነው። ለአንቺ አንድ ቀን ብቻ ልንገርሽ፦ በዩቲዩብ የባለቤትነት ጥያቄ በቀረበብሽ በ5 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካስገባሽ፣ ከጥያቄው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ እስኪወሰን ተይዞ ይቆያል። ከ5 ቀን ካለፈ የሚያዘው ተቃውሞውን ካስገባሽበት ቀን ጀምሮ ያለው ብቻ ነው። ዝርዝሩን በሌላ ርዕስ ክፈቺው፤ እዚያ እመልስልሻለሁ።

ማለዳ ማዕድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን ከፍቼ ቆጠርኩ። ጠቅላላው 24 ደቂቃ ነው። በ2:40 ላይ ድምፄ «ይህ በሬ በአሥራ ሁለት አባወራ የተገዛ ነው፤ ዛሬ ታርዶ በዕጣ ይከፋፈላል» ይላል። እርዱ ከ3:10 እስከ 3:52 ነው። ከ3:38 እስከ 3:44 ካሜራው ጠጋ ብሎ ደሙ ይታያል። በ4:00 ሽማግሌው ይመርቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ ሥጋ መመደብ፣ ዕጣ ማውጣትና ምግብ ማዘጋጀት ነው። ርዕሱ «የመስቀል ቅርጫ በጉራጌ፦ ከበሬው እስከ ክትፎው» የሚል ነው። የሽፋን ምስሉ በጣባ የቀረበ ክትፎ ከአይቤና ከጎመን ጋር ነው።

ወንድሜ ስድስቱን ሰከንድ ባንጠቅሳቸው ይሻላል ባይ ነው። እነርሱ ካላነሡት እኛ ለምን እናነሣለን ይላል።

የድሮ አርታኢ

ጥሩ ቁጥሮች ናቸው። የሽፋን ምስሉ ክትፎ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማስደንገጥ የፈለገ ሰው በጣባ የቀረበ ክትፎ አያሳይም።

ስድስቱን ሰከንድ ግን ራስሽ ጥቀሺያቸው። ቪዲዮውን ያስወረደው እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ገምጋሚውም ቀጥታ ወደዚያ ነው የሚሄደው። አንቺ ያላልሽውን ነገር እዚያ ሲያገኝ የቀረውን ቃልሽን ይጠራጠራል። አንቺ ቀድመሽ «እዚህ ቦታ ደም ይታያል፣ ለስድስት ሰከንድ ነው፣ በዚያን ጊዜ ድምፁ እንዲህ ይላል» ካልሽው ግን ያነበበውን ነገር ያያል።

ረቂቁን በአማርኛ ልጻፍልሽ፤ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው ዓረፍተ ነገሮቹን አጭር አድርጊያቸው።

«ቪዲዮው በኢትዮጵያ የመስቀል በዓል ቤተሰቦች በጋራ በሬ ገዝተው፣ አርደው፣ ሥጋውን ለምግብ የሚከፋፈሉበትን ልማድ ያሳያል። ርዝመቱ 24 ደቂቃ ነው። በ2:40 ተራኪዋ በአማርኛ በሬው ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ ምግብ እንደሚሆን ትናገራለች። እርዱ ከ3:10 እስከ 3:52 ይታያል። ደም በቅርብ የሚታየው ከ3:38 እስከ 3:44 ነው። በሬው አይደበደብም፣ ሌላ ሥቃይም አይደርስበትም። ከ4:00 ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚታየው ሥጋ ማከፋፈልና ምግብ ማዘጋጀት ነው። ርዕሱና የሽፋን ምስሉ ምግቡን ያሳያሉ። የእንስሳት ጭካኔን የሚመለከተው ደንባችሁ የምግብ ዝግጅትንና እርድን ከተለመዱ ዓላማዎች ይቆጥራቸዋል። ቪዲዮው በዚህ ደንብ መሠረት እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ። የዕድሜ ገደብ ያስፈልገዋል ከተባለ እቀበላለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ፍትሕ»፣ «ንቀት»፣ «ለዓመታት ደክሜ» የሚሉ ቃላት የሉም። የተናደድሽበት ምክንያት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ገምጋሚው ያንን በቪዲዮው ውስጥ ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልም። የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ግን ቪዲዮውን ከፍቶ የሚያረጋግጠው ነው። በሬው አይደበደብም የሚለውን ደግሞ ከመላክሽ በፊት 3:10 ላይ ደግመሽ እይው። በገመድ ሲጣል የሚጎተትበት ቦታ ካለ «አይደበደብም» ብቻ በይ፤ «ሌላ ሥቃይ አይደርስበትም» የሚለውን አውጪው። አንድ የማይገጥም ቃል ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

መላኪያው በ YouTube Studio ውስጥ ነው፤ የጥሰት ማሳወቂያው ሲከፈት Appeal የሚል ይገኛል። ከመላክሽ በፊት የኢሜይሉን፣ የማሳወቂያውንና የጻፍሽውን ጽሑፍ ምስል ቀድተሽ አስቀምጪ።

ሐብል

ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጋር አልስማማም። የዕድሜ ገደብ እቀበላለሁ ማለት ገንዘቡን በገዛ እጅ መተው ነው። የዕድሜ ገደብ ያለበት ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ ወይ አይመጣም ወይ ጥቂት ነው የሚመጣው። ካልጠየቁሽ ለምን ትሰጫለሽ? ንጹሕ ነኝ ብለሽ ሙሉውን ጠይቂ።

የራሴንም ላንሣ። የመኪና ጥገና ቻናል አለኝ፤ ሪያድ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር የታየኝ ግምታዊ ገቢና መጨረሻ ላይ የጸደቀው ገቢ አልተገናኙም፤ ከሦስት አንዱ ያህል ተቆርጧል። የተሰጠኝ ምክንያት ትክክለኛ ያልሆነ ትራፊክ የሚል ብቻ ነው። ማን፣ መቼ፣ ከየት የሚል ዝርዝር የለም። ይግባኝ ማለት የምችልበትን ቁልፍ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

የድሮ አርታኢ

ሐብል፣ የዕድሜ ገደቡ ጉዳይ ላይ ያነሣኸው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እኔ እርሱን የጨመርኩት ስትራይኩን ከማስነሣት የሚበልጥ ነገር የለም ብዬ ስለማምን ነው። ለገምጋሚው «ወይ ሙሉ በሙሉ መልስ ወይ ተወው» ከማለት ሦስተኛ በር እንዳለ ማስታወስ ይሻላል ባይ ነኝ። ያለ እርሷም ገምጋሚው የዕድሜ ገደብ ሊያደርግ ይችላል። ውሳኔው የማለዳ ማዕድ ነው።

ስለ ራስህ ጉዳይ፦ ቁልፉን ያጣኸው ስለሌለ ነው። በአድሴንስ አሠራር በአንድ ወር ላይ ለተደረገ ቅናሽ ይግባኝ የለም፤ የይግባኝ ቅጹ ያለው መለያው ራሱ በትክክለኛ ያልሆነ ትራፊክ ምክንያት ሲዘጋ ነው። ዝርዝሩንም ሆን ብለው አይሰጡም፤ ማጣሪያቸው በምን እንደሚለይ ከታወቀ አታላዮች ያልፉታል ብለው ነው። በወሩ ውስጥ የምታየው ገቢ ግምት ነው፤ የሚጸድቀው በሚቀጥለው ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የግምቱን ምስል ቀድቶ «ይኼን ብላችሁኝ ነበር» ብሎ መከራከር ማስረጃ አይሆንም።

ግን አሁኑኑ መሰብሰብ ያለብህ ነገር አለ፤ መለያው አንድ ቀን ቢዘጋ ያን ጊዜ ፍለጋ እንዳትጀምር። በትንታኔው ገጽ የዚያን ወር የተመልካች ምንጭ በየቀኑ ክፈተው። ከውጭ ድረ ገጽና መተግበሪያ የመጣው በአንድ ቀን ድንገት ከፍ ያለበት አለ? ከፍ ያለ ከሆነ ከየትኛው ነው? የትኛው ቪዲዮ ላይ ነው? ተመልካቾቹ የቆዩበት ጊዜ ከሌላው ቀን እጅግ ያነሰ ነው?

ሐብል

አሁን አየሁት። ወሩ አጋማሽ ላይ ከቴሌግራም የመጣው ሽቅብ ወጥቷል፤ ሁሉም በአንድ የፍሬን ቪዲዮ ላይ ነው። የደጋፊዎች ቡድን አለ፤ የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። እዚያ ገብቼ ሳነብ አንዱ «ወንድማችንን ለመደገፍ ማስታወቂያውን ሳትጫኑ አትለፉ» ብሎ ለጥፏል። ብዙዎቹም ተጫንን እያሉ ጽፈዋል። ልጆቹ ክፉ አላሰቡም።

የድሮ አርታኢ

በሐበሻ ቻናሎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይኼው ነው። በፍቅር የተደረገ ነው፤ ለማሽኑ ግን በተንኮል ከተደረገው አይለይም። ዕቃውን ሊገዛ ያላሰበ ሰው ማስታወቂያ ሲጫን የማስታወቂያው ባለቤት ያለ ጥቅም ይከፍላል፤ ገንዘቡ ከአንተ ተቆርጦ ለእርሱ ይመለሳል።

የዚያን መልእክት ምስል ቀኑ እንዲታይ አድርገህ ቅዳ። ከዚያ በቡድኑ ውስጥ በስምህ «እባካችሁ ለድጋፍ ብላችሁ ማስታወቂያ አትጫኑ» ብለህ ጻፍ፤ የእርሱንም ምስል ያዝ። የተመልካች ምንጩን ሠንጠረዥ አውርደህ ከሁለቱ ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጥ። የተቆረጠው አይመለስም። መለያው ቢዘጋ ግን ይግባኙ ላይ «በዚህ ቀን ከዚህ ቡድን ይህን ያህል ተመልካች መጣ፣ እኔ የላክሁት አይደለም፣ ባወቅሁ ጊዜ ይህን አደረግሁ» የምትለው ነገር ይኖርሃል።

ፍራንክፈርት ነኝ

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትኖሩ ካላችሁ ሌላም በር አለ። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የሚባለው ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁሉም ላይ ተፈጻሚ ነው። ይዘት ሲወርድ ብቻ ሳይሆን ገቢ ሲታገድ ወይም ሲገደብም መድረኩ ግልጽ ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቅሬታ ለማቅረብ ቢያንስ ስድስት ወር ይሰጣል፤ በቅሬታው ላይ የሚሰጠው ውሳኔም በማሽን ብቻ መሆን አይችልም። በዚያም ካልረካችሁ እውቅና ወዳላቸው የውጭ አስማሚ አካላት መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አስማሚው የሚሰጠው ውሳኔ መድረኩን አያስገድድም። ደግሞም እዚያ የሚቀርበው ፋይል ያው መጀመሪያ የጻፋችሁት ነው፤ የመጀመሪያው ይግባኝ ስድብ ከሆነ እርሱም አብሮ ይነበባል። ማለዳ ማዕድ ሜሪላንድ ስለሆነች ይኼ መንገድ አይመለከታትም፤ ሌሎች ታነብቡት ዘንድ ነው።

ዳዊት ከሻርጃ

ለእኛ ለገልፍ ነዋሪዎችስ?

ፍራንክፈርት ነኝ

ሕጉ የሚያየው ተጠቃሚው በኅብረቱ ውስጥ መሆኑን ነው፤ ሻርጃ አይደርስም።

ነጭ ወረቀት

ዜና ላይ ስለምሠራ ሌላ ዓይነት ይግባኝ ላስታውስ፤ ማስረጃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሐምሌ ወር በራያ ቆቦና በሌሎች ከተሞች ተፈጸመ ስለተባለ ጥቃት በፌስቡክ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር። የአማርኛ ገምጋሚዎች አዩትና ወረደ፤ ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወደ ሜታ የቁጥጥር ቦርድ ወሰደው። ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጥ ሜታ ጽሑፉን መልሶት ነበር። ቦርዱ ግን በታኅሣሥ 14 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) መውረዱ ትክክል ነበር ብሎ ወሰነ።

የውሳኔው መሠረት ጽሑፉ በጦርነት መካከል ሕዝብን በሚወነጅል መልኩ የቀረበ ያልተረጋገጠ ወሬ ነው የሚል ነው። ጸሐፊው እውነት ነው፣ ማኅበረሰቤን ለመጠበቅ ነው የጻፍኩት ብሎ ነበር። ምንጮቼ ስማቸው ያልተጠቀሰ ቀደምት ዘገባዎችና በቦታው ያሉ ሰዎች ናቸው ከማለት ያለፈ ግን አላቀረበም። ቦርዱ ይህንኑ ጽፎበታል። በሙያዬ የተማርኩትም ይኼንኑ ነው፤ በቦታው የነበረ ሰው ነገረኝ ማለት ለሌላው አንባቢ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀን፣ ቦታ፣ የተቀረጸበት ሰዓት ያለው ነገር ያስፈልጋል። የማለዳ ማዕድ ነገር ከዚህ ይቀልላል፤ ማስረጃዋ ራሱ ቪዲዮው ነው።

ማለዳ ማዕድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ውጤቱን ልንገራችሁ።

ከመላኬ በፊት 3:10 ላይ ደግሜ አየሁ። በሬው በገመድ ተይዞ ሲጣል ይታያል፤ ስለዚህ አርታኢው እንዳለው «አይደበደብም» የሚለውን ብቻ ጻፍኩ። ሐብል ያለውንም አሰብኩበት፤ የዕድሜ ገደቧን ዓረፍተ ነገር ግን አላወጣኋትም፤ ለእኔ ቻናሉ ይበልጥብኛል። ወንድሜ ተቆጥቶ ነበር፤ ጽሑፉን ሲያነብ «ይኼማ የፖሊስ ሪፖርት ነው» አለኝ።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ። ስትራይኩ ተነሣ፤ ቪዲዮውም ተመለሰ፤ ግን የዕድሜ ገደብ አለበት። ገቢ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ ቢጫ ነው፤ የተገደበ ወይም ምንም ማስታወቂያ የለም ይላል። ወርዶ ስለነበረባቸው ቀናት ገቢ የተባለ ነገር የለም። አሁን ስለ ቢጫው ልከራከር ወይስ ልተወው?

ሐብል

ብዬ ነበር! እንኳን ስትራይኩ ተነሣልሽ፤ ግን ቢጫውን ዝም አትበዪው። የሰው ገምጋሚ ጠይቂ። ጓደኛዬ የበግ እርድ ያለበት ቪዲዮ ነበረው፤ ጠይቆ አረንጓዴ ሆኖለታል።

የድሮ አርታኢ

እንኳን ደስ ያለሽ። ወርዶ በነበረባቸው ቀናት ያመለጠው ተመልካች አይካስም፤ በዚያ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ።

ቢጫው ሌላ ደንብ ነው። ስትራይኩ የሚታየው በማኅበረሰብ መመሪያው ነው፤ ቢጫው ደግሞ ለማስታወቂያ ሰጪዎች ተስማሚ ስለሆነ ይዘት በተጻፈው መመሪያ ነው፤ እርሱ የበለጠ ጠባብ ነው። እርድና የምግብ ዝግጅት ስለሆነ ይፈቀዳል ብለሽ ያሸነፍሽበት ክርክር እዚያ ያን ያህል አይረዳሽም፤ ጥያቄው ማስታወቂያ ሰጪው ምርቱ ከዚህ ትዕይንት አጠገብ እንዲታይ ይፈልጋል ወይ የሚል ነውና።

የሰው ግምገማ ለአንድ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ስለዚህ አሁን ባለበት ሁኔታ አትጠይቂ። መጀመሪያ በስቱዲዮው ማረሚያ ከ3:38 እስከ 3:44 ያለውን ቁረጪ ወይም ምስሉን አደብዝዢ፤ ለውጡ ሲጸና ጠይቂ። የሐብል ጓደኛ ቪዲዮ ምን እንደሚያሳይ አላየሁም፤ እርዱ በሩቅ ወይም ከጀርባ ከተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በአንቺ ቪዲዮ ላይ ስድስቱ ሰከንድ ቢወጡም የቀረው 36 ሰከንድ እርድ ስላለ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። የዕድሜ ገደቡ ግን ይነሣ ይሆናል፤ እርሱም ለብቻው ይግባኝ አለው።

ማለዳ ማዕድ

እርዱን በሙሉ ባወጣውስ? ወንድሜ እርዱ ካልታየ ቅርጫው ቅርጫ አይሆንም ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ያንን ነው ያሳዩን። ለገቢው ብዬ ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም።

ፍራንክፈርት ነኝ

ሁለት ቪዲዮ አድርጊዋ። ይኼኛው እንዳለ ይቆይ፤ ከ4:00 በኋላ ያለውን የሃያ ደቂቃ የክትፎ ክፍል ለብቻው ልቀቂው።

ሐብል

አንድ ዓይነት ምስል ሁለት ጊዜ ከለጠፈች ደግሞ የተደጋገመ ይዘት አይሉባትም?

የድሮ አርታኢ

ቪዲዮው አንድ ጊዜ ለሁለት በመከፈሉ ብቻ አይመስለኝም፤ ቻናሉ በሙሉ እንዲያ ካልሆነ። ግን ሁለተኛው አዲስ ትረካ ቢኖረው ይሻላል፤ የቅመሙን መጠን፣ የቂቤውን አነጣጠር፣ በመጀመሪያው ያልተባለውን ጨምሪበት። ማረሚያውን ከመንካትሽ በፊት ግን ወንድምሽ የላከልሽን ዋናውን ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪው።

ማለዳ ማዕድ

ገለበጥኩት። የክትፎውን ትረካ ዛሬ ማታ እቀዳለሁ፤ የእርዱን ነገር ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን እመለሳለሁ።